አንቱ የተባለችው ሕፃን

እትዬ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት "ትንሿ" ተባለች። ያለቻት ደግሞ የተማረች ሴት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የቋንቋ አጥኚ። እኔ አጠገባቸው ሆኜ የሶፋ ስፖንጅ እየቆረጥኩ ነበርና ሳቄ ሲያመልጠኝ እጄም አብሮ አመለጠኝ። የዚያ ሶፋ ባለቤት እስከ ዛሬ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ደግነቱ ችግሩ የወገቡ ይመስለዋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ የምንሠራው አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። እኔ የሶፋውን እንጨት እመታለሁ፣ ስፖንጅ አለብሳለሁ፣ ጨርቅ እወጥራለሁ፤ እሷ ደግሞ ልብሱን ትሰፋለች፣ መጋረጃም ትሰፋለች። ከሱቁ ጀርባ የእሷ ቤት አለ፤ መሃል ላይ ያለው በር ተዘግቶ አያውቅም። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ስለሆንኩ ፀጉሬ ሸብቶም እትዬ "ማሙሽ" ነው የምትለኝ፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር። ቁጡ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ይለዋል፣ እኔም አልክድም። እትዬ ቁጣ የላትም። እሷ ያላት ዕረፍት ማጣት ነው። ስፌት የመረጠችው እግሯ ፔዳል የሚረግጥበት ሰበብ እንዲያገኝ ይመስለኛል፤ እግርሽን ያለ ሥራ አሳርፊ ቢሏት አትችልበትም።

በቤታችን ሁለት ቋንቋ ነበር። አንዱ ይሄ ሁላችንም የምናወራው የከተማው ቋንቋ ነው። ሌላው የእናታችን ነው፤ እኛ "የቤቱ" እንለዋለን። ስም አለው። ግን ስሙን በጠራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ "እንዲህ የሚባል ቋንቋም አለ እንዴ?" ይለኛል፣ ያኔ ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ መጥራቱን ትቻለሁ።

አያታችን ከቤቱ ቋንቋ ሌላ አታውቅም ነበር። ገበያ ሄዳ በጣቷ እየጠቆመች ትገዛለች፤ ሻጩ ሲያታልላት በማያውቀው ቋንቋ ትረግመውና ትመጣለች። እናታችን ሁለቱንም ቻለች፤ በቤቱ ታስባለች፣ በከተማው ትሠራለች። እትዬ የበኩር ልጅ ናትና ትምህርት ቤት እስክትገባ የምታውቀው የቤቱን ብቻ ነበር። ከገባች በኋላ መምህሯ እናታችንን አስጠርቶ "ልጅሽ ጎበዝ ናት፤ የጎተታት ቋንቋው ነው። እቤት በከተማው ቋንቋ አውሯት" አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴም ክፉ እናት አልነበረችም፤ ልጇ ከሰው በታች እንዳትሆንባት ሰጋች። እትዬም የከተማውን ቋንቋ ከደብተሯ ጋር ይዛ እየመጣች፣ ከእሷ በታች የተወለድነውን በዚያው አፍ አስፈታችን።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ከቤቱ ቋንቋ የቀረው ቁጣና ማባበያ ብቻ ነበር። እናቴ እንደ ታዘዘችው በከተማው ታወራኛለች፤ ስትናደድብኝ ወይም ትኩሳት ሲይዘኝ ግን የራሷ ቋንቋ ያመልጣታል። ስለዚህ ሲወራ እሰማለሁ። አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል ግን ባዶ ነው። እናቴና እትዬ ማጀት ውስጥ በቤቱ ቋንቋ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ የቀልዱን ግማሽ እየሰማሁ ግማሹ እያመለጠኝ ነው ያደግሁት። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ሰው በሹክሹክታ ሲስቅ አልወድም።

ታዲያ አጥኚዋ የመጣች ዕለት የጠየቀችውን ብትሰሙ! መቼም ጠያቂ አይቻለሁ፣ እንደዚች ግን አላየሁም። "እናቴ፣ ሕልም የሚያዩት በየትኛው ቋንቋ ነው? ጸሎትስ? የሚቆጥሩትስ?"

"ስቆጥር በከተማው ነው" አለች እትዬ፣ ሜትሯን እያሳየች። "ጨርቁም ገንዘቡም በከተማው ነዋ የሚቆጠር።"

"ሲሳደቡስ?"

"እኔ አልሳደብም።"

"በሁለቱም ትሳደባለች" አልኩ ከወዲያ። እትዬ ገላመጠችኝ።

"በቤቱ ቋንቋ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው?"

እትዬ ዘረዘረች። እናታችን አርፋለች፣ አክስቶቻችንም አርፈዋል። የቀሩት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሚኖሩ አዛውንቶች ናቸው፤ በስልክ ታገኛቸዋለች፣ ሲያማቸው ትጠይቃቸዋለች። ያኔ ነው አጥኚዋ ቀስ ብላ "ከእርስዎ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ያውቃሉ?" ያለቻት። የእትዬ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ጣራ ጣራውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየችና አለፈችኝ። "የለም" አለች።

"እኔም አላገኘሁም። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ሁሉ ትንሿ እርስዎ ነዎት።"

ያኔ ነው የሳቅሁት። እትዬ ግን አልሳቀችም።

"ቁጥራችን እኮ ቀላል አይደለም" አለች እንደ መቆጣት ብላ። "ይሄን ሠፈር ብትዞሪ ዘሬ ከዚያ ነው የማይል የለም።"

አጥኚዋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ በአነጋገሯ ለሰው አታጎበድድም፣ ሰውንም አትንቅም። "ዘሩ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ ነው" አለቻት። "እኛ አንድ ቋንቋ አደጋ ላይ ነው ስንል መጀመሪያ የምናየው የተናጋሪውን ብዛት አይደለም። መቶ ሺህ ሰው ቢናገረውም ልጆች ካልለመዱት አደጋ ላይ ነው። ሺህ ሰው ብቻ ተናግሮት ልጆቹ ሁሉ በእሱ አፍ የሚፈቱ ከሆነ ይሻለዋል። ጥያቄው እናት ለልጇ ታወራዋለች ወይ የሚለው ነው።" ቀጠለችና ደረጃውን ነገረቻት። ልጆች በቋንቋው ቢያወሩም ከቤት ውጭ የማይጠቅማቸው ከሆነ፣ ያኔ ሥጋት ተጀምሯል። ልጆች እቤትም መልመድ ሲያቆሙ አደጋው ቁርጥ ይሆናል። አያቶች የሚናገሩት፣ ወላጆች ግን እየሰሙ ለልጆቻቸው የማያወሩት ከሆነ ከባድ ነው።

"ከዚያስ?" አለች እትዬ።

"ከዚያ ትንሾቹ ተናጋሪዎች አያቶች ይሆናሉ። እነሱም አልፎ አልፎ፣ ቆራርጠው ነው የሚናገሩት።"

"ከዚያስ?"

እኔ አላስቻለኝም። "ይሄን ሁሉ የምታውቁ ከሆነ መምህሩ እናቴን ሲመክራት የት ነበራችሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አልኩ።

"እውነትዎን ነው፣ ዘግይተናል" አለች። "ጅቡ ግን ገና አልሄደም፤ በር ላይ ነው።" መልሷ ደስ አለኝ። እንደተናደድኩ ግን ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እትዬን ቦታ አልበቃት አለ። ስትሰፋ ትነሳለች፣ ትነሳና ለምን እንደተነሳች ይጠፋታል። በር ላይ ትወጣለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች። "ትንሿ" ትላለች ለብቻዋ። ክር ሲበጠስባት ያላመሏ ትነጫነጫለች። አንድ ቀን የመጋረጃውን ፊት ወደ ኋላ አድርጋ ሰፍታ ሙሉውን ተረተረችው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሳሳት አላየኋትም።

በዚህ መሃል የእትዬ ልጅ ከወሊድ ፈቃድ ልትመለስ ደረሰች። ልጇ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አንድ ልጅ ነው ያላት፣ ሚሚ የምንላት፣ ጉንጯ ከፊቷ የሚበልጥ ሕፃን። ቀን ቀን እትዬ ልትይዝላት ተስማሙ። ያኔ እትዬ ጉሮሮዋን ጠራርጋ "እኔ በቤቱ ቋንቋ ነው የማወራት" አለች።

"ግራ አይገባትም እማዬ? አፏ ቢዘገይስ?"

እትዬ ለዚህ ተዘጋጅታ ነበር፤ አጥኚዋን አስቀድማ ጠይቃታለች። "አይዘገይም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ መሃል ላይ ሊያደባልቅ ይችላል እንጂ በዚያ ምክንያት አፉ አይያዝም። በአንዱ የምታውቀው ቃል ያነሰ ቢመስልሽ የሁለቱን ደምረሽ ቁጠሪ ብላኛለች።"

የእህቴ ልጅ አንገቷን አቀርቅራ የሕፃኗን ካልሲ ታስተካክላለች። "እንግዲህ እንደፈለግሽ" አለች። እኔ እሺታ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ የሶፋ እግር እየመታሁ ነው። እትዬ ሕፃኗን ትልቁ ስፖንጅ ላይ አስተኝታ ጎንበስ አለችና በቤቱ ቋንቋ ጀመረች። ወደ ከተማው ልመልሰው ብል እንዲህ ነው፦ "እንዴት አደሩ? ሌሊቱን በደህና አረፉ? ጥቂት ነገር ይቅመሱ እንጂ፣ ምነው ዝም አሉ?"

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ሚሚ በተከበረ ሽማግሌ ደንብ፣ ምራቋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ ታያታለች። "እትዬ" አልኩ፣ "ለሚኒስትር ነው ለሕፃን የምታወሪው?"

እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንቱ አልኳት እንዴ?"

አዎ፣ ብላታለች። ሁለተኛ ሞከረች፤ አሁንም አንቱ። ሦስተኛ ሞከረች፤ ከፊሉ አንቺ ከፊሉ አንቱ ሆነ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በቤቱ ቋንቋ አንቱታ የቃሉን ጅራት ለውጦ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ ነው የሚለወጠው። ለትልቅ ሰው "ይብሉ" የሚባለው "ሰንዳራ" ነው፣ ለልጅ "ብላ" የሚባለው ደግሞ "ሩሜ"፤ ዘመድ አይመስሉም። ለመተኛት እንዲሁ ነው፣ ለመምጣት እንዲሁ ነው። እትዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በቤቱ ቋንቋ ያወራቻቸው ሁሉ ከእሷ የሚበልጡ ናቸው፦ አያት፣ እናት፣ አክስት፣ አዛውንት። ወደ ታች የምታወራው ሰው ኖሯት አያውቅም፤ ለእኛ ለታናናሾቿ በከተማው ነበር። አንቺ የምትላት አንዲት ፍጡር አላጋጠማትም። ስትሰማው ታውቀዋለች፤ አፏ ግን መንገዱን አያውቀውም።

"አፌ እምቢ አለኝ ማሙሽ" አለች። ዓይኗ ውኃ ሞላ። "ለሕፃን እንኳ ማውራት የማልችል ከሆነ ምኑን ቻልኩት?"

አንጀቴን በላችው። ሚሚ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አስነጠሰችና ንፍጧ ተዝረከረከ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ካፌ አንድ ነገር ወጣ። እናቴ ንፍጤን ስትጠርግልኝ የምትለኝ ነው፤ "ና ወዲህ፣ አንተ ዝርክርክ፣ ቀና በል" እንደማለት። አርባ ምናምን ዓመት ካንደበቴ ወጥቶ አያውቅም።

እትዬ ቀና አለች። "ድገመው።"

"ስድብ እኮ ነው።"

"ድገመው አልኩህ።"

ደገምኩት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰማችና "ይሄ ለወንድ ነው" አለች። "ለሴት ሲሆን..." ብላ ቃሉን እንደ ጨርቅ ገለበጠችው፤ አንተው አንቺ ሆኖ ወጣ። ሰዋስዉ ያለው እሷ ዘንድ ነው፤ ለልጅ የሚባለው ቃል ያለው እኔ ዘንድ። እኔ ቃሉን ሳመጣ ለወንድ ልጅ ነው የማመጣው፣ ምክንያቱም ለእኔ የተባለ ነው፤ እሷ ለሴት ታደርገዋለች። እንዲህ ሆነን ጀመርን። እኔ ምስማር በጥርሴ ይዤ አንድ ቃል ትዝ ይለኛል፣ እጮሃለሁ፤ እሷ ከስፌት መኪናው ጀርባ ሆና አስተካክላ ለሚሚ ታቀብላታለች።

አጥኚዋ ስትመጣ ይሄን አይታ ቴፑን ከፈተች፤ መጀመሪያ ግን እንደ ሁልጊዜው ፈቃዳችንን ጠየቀች። "ለልጅ የሚባለውን ሳገኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" አለች። "አዛውንቶቹ እኔን እንደ ልጅ አያናግሩኝም፤ ፊታቸው ልጅ ስለሌለ እነሱም ጠፍቷቸዋል። ቋንቋ ባንድ ቀን አይሄድም፤ መጀመሪያ ከገበያ ይወጣል፣ ከዚያ ከትምህርት ቤት፣ ከዚያ ከልጆች ጨዋታ። ከየወጣበት ቦታ ደግሞ የዚያን ቦታ ቃላት ይዞ ነው የሚወጣ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ "እርስዎ ቋንቋውን አልችልም ብለውኝ ነበር" አለችኝ። አልችልም አልኳት፤ ስድብና ማባበያ ብቻ ነው የማውቀው።

ችግሩም እሱ ነው። ሚሚ መዳህ ስትጀምር ከእኔ የተቀዳ ቋንቋ ዓለምን የሚከለክል ሁሉ ሆነ፦ ተዪ፣ አትንኪ፣ እጅሽን አንሺ፣ አንቺ ቀበጥ። እትዬ የማባበያውን እየመዘዘች አለሰለሰችው። ሕፃኗ ደግሞ ስድቡንም ማባበያውንም እኩል ወደደችው። "መቀሱን ተዪው" ስትባል ትተዋለች፣ "ለማሙሽ ስጪ" ስትባል ትሰጠኛለች። እትዬ ያን ሰሞን ተቀየረች፤ እግሯ እንደ ድሮው ይረግጣል፣ አፏም አብሮ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር በቤቱ ቋንቋ ቀለደች፤ ሙሉውን ቀልድ ሰማሁት። ደስ ያለኝን ደስታ አልነግራችሁም።

አንድ ቀን ታዲያ የእህቴ ልጅ ከሥራ ቀደም ብላ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሳታንኳኳ አየቻቸው። እትዬ አንድ ነገር አለች፣ ሚሚ ተንከትክታ ሳቀች፣ እትዬም ሳቀች። ልጅቷ ቦርሳዋን እንደያዘች "ምን አልሻት?" አለች።

"ምንም፣ ጨዋታ ነው።"

"ምን አልሻት እኮ ነው የምለው።"

እትዬ ልትተረጉም ሞከረች፤ ቀልድ ሲተረጎም ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ውኃ ነው የሚሆን። ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ ፊቷን አየሁት፤ ያ ፊት የእኔ ፊት ነበር፣ በር ላይ ተቀምጬ።

ነገሩ ጥቂት ቀን ተዳፍኖ ከረመ። ከዚያ ፈነዳ። ሚሚ አንድ ሌሊት እቤቷ ትኩሳት ይዟት ስታለቅስ አንድ ቃል ደጋግማ ትላለች፤ እናቷ ቃሉን አላወቀችውም። ውኃ ሰጠቻት፣ አሻንጉሊት ሰጠቻት፣ መብራት አበራች። ሚሚ የምትለው ግን እቀፊኝ ነበር። ይሄን የሰማችው ጠዋት ከእትዬ ነው።

"የገዛ ልጄ የምትለኝን አልሰማም" አለች። "በልጄ ፊት ደንቆሮ አደረግሽኝ።"

"ልጄ፣ እኔ እኮ..."

"ለእኔ ለምን አላወራሽኝም? እኔ ልጅሽ አልነበርኩም? እዚሁ፣ እዚሁ መኪና ሥር ነው ያደግሁት። ስልክ አንስተሽ ከእነ አክስትሽ ጋር ስትስቂ እኔ ጨርቅ እየለቀምኩ አይሻለሁ። ምን አላችሁ ስልሽ 'የትልቅ ሰው ወሬ ነው' ትዪኝ ነበር።"

"እንዳይጎትትሽ ብዬ ነው። ወደ ኋላ እንዳትቀሪብኝ።"

"ይኸው ቀረሁ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። በምሰማው አውሪያት። ካልሆነ የሚይዛት ሰው እቀጥራለሁ።"

እኔ መዶሻዬን ወርውሬ በሁለቱም ላይ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ምንም የሚረባ እንዳልነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማንም የተናገረውን አልመለሰም።

እትዬ ቃሏን ጠበቀች። ለሚሚ በከተማው ቋንቋ አወራቻት። ሚሚ መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ ፊቷን እያየች ጠበቀቻት፤ በኋላ ተወችው። ውኃ አለች፣ ስጪኝ አለች፣ እምቢ አለች፤ ሁሉንም በከተማው። የቤቱን ለመርሳት እንደ ሕፃን ፈጣን የለም። እትዬን ግን አላስቀምጥ አላስቆም አላት። ከመኪናው ትነሳለች፣ በር ላይ ትቆማለች፣ አንድ ነገር ልትል አፏን ትከፍትና ትዘጋለች። ማታ ቤቷ ብቻዋን ስታወራ በግድግዳው ይሰማኛል ብላ ጎረቤቷ ስትነግረኝ አላመንኳትም ነበር፤ ሄጄ ሰማሁ። ለልጅ በሚባለው ቃል ነው የምታወራው፤ ማንን እንደሆነ እንጃ።

አጥኚዋ የቀዳችውን ልታስተካክል ስትመጣ እትዬ ጥያቄውን ቀድማ ጠየቀቻት። "ባልተወው ኖሮ ሚሚ ትናገረው ነበር?"

አጥኚዋ ለማስደሰት አትዋሽም፤ ይሄን እወድላታለሁ። "ትሰማው ነበር። መናገሯን እጠራጠራለሁ" አለች። "ልጅ የሚናገረው የሚያስፈልገውን ቋንቋ ነው። እርስዎ የከተማውን እንደሚሰሙ ሚሚ ታውቃለች፤ እናቷ በቤቱ አታወራም፤ እኩያም የላትም። እንደ ወንድምዎ ትሆን ነበር።"

"አመሰግናለሁ" አልኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደግሞስ አንዲት ልጅ ብትናገረውም ቋንቋው ከአደጋ ወጣ አልልዎትም፤ ለዚያ ብዙ ቤት ያስፈልጋል። ግን እናቴ፣ እርስዎ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሊያሻግሩት ሞከሩ። መሃል ያለችውን ዘለሏት።"

እትዬ ጨርቁን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የእህቴ ልጅ ሚሚን ልትወስድ መጣች። ከጠባቸው ወዲህ አትቀመጥም፤ በር ላይ ቆማ "ደህና ዋላችሁ" ትላለች፣ ልጇን ታቅፋ ትሄዳለች። እትዬ ከመኪናው ተነሳች። ወደ ሕፃኗ አልሄደችም፤ ወደ ልጇ ሄደችና ፊት ለፊቷ ቆመች። ከዚያ በቤቱ ቋንቋ፣ ለልጅ በሚባለው ቃል፣ "ነይ፣ ቁጭ በይ" አለቻት። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሆናትን ሴት። በዚያ ቋንቋ አናግራት አታውቅም።

"ምን?" አለች ልጅቷ።

እትዬ ደገመችላት። እኔ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። ሚሚ ቀደመችኝ። ስንት ሳምንት ያልሰማችውን ሰምታ፣ የስፖንጅ ቁርጥራጩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አጠገቧን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ እናቷን እያየች።

ልጅቷ ሕፃኗን አየች፣ እናቷን አየች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ጫማሽን አውልቂ" አለች እትዬ በዚያው ቃል። ሚሚ የእናቷን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ ትጎትት ጀመር።

"ጫማ ነው ያልሽው" አለች ልጅቷ። ጫማዋን መለሰችና እግሯን ሰበሰበች። "እሺ፣ 'እምቢ' እንዴት ነው የሚባለው?"

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ምን ላውቅ? ለእኔ ትእዛዝ ብቻ ነው የተነገረኝ፤ እምቢ የምለው በከተማው ነበር። እትዬም አዛውንቶቹን እምቢ ብላ አታውቅም፤ ለእነሱ "ይቅር ይበሉኝ" ነው የሚባለው። ልጅ ለእናቱ የሚላት እምቢታ ሌላ ነው። እሱን ያለ ሰው ቢኖር ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት የነበረችው እትዬ ብቻ ናት።

እጇ ቀሚሷን ይጨምቃል፤ ከንፈሯ ይሞክራል፣ ይተዋል። ከዚያ አንድ አጭር ቃል ከአፏ ወጣ፣ በራሷ ድምፅ ሳይሆን በትንሽ ልጅ ድምፅ፣ አፍንጫዋ እየተሸበሸበ።

ልጅቷ ቃሉን አፏ ውስጥ አዟዟረችው። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በእናቷ ቋንቋ፣ እምቢ አለቻት።

እትዬ እዚያው ቁርጥራጩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። "ድገሚው" አለች።

ደገመችው።